ከክምሩ ግርጌ ያሉ ምልክቶች

ቅዳሜ ጠዋት ከውጫሌ የሚመጣው ሚኒባስ ሐይቅ መናኸሪያ ሲገባ መምህር ዘይኑልአቢዲን አልወረዱም። ስህን ከፎቶ ኮፒ ቤቱ በር ላይ ቆማ ተሳፋሪውን አንድ በአንድ ቆጠረች። ሽንኩርት የያዙ ሁለት ሴቶች፣ አንድ ካህን፣ ዶሮ የታቀፈ ሰውዬ። መምህሩ የሉም። ሦስት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቀርተው አያውቁም፤ ጎርፍ መንገዱን በቆረጠ ጊዜ እንኳ ማዶ ወርደው በእግራቸው ተሻግረው መጥተዋል።

ሹፌሩ አብደላ ሞተሩን አጥፍቶ ቀጥታ ወደ እሷ መጣ። ሲራመድ ዙሪያውን ይቃኝ ነበር።

«ከኬላው ላይ አወረዷቸው» አለ።

«ማንን?»

«ማንን ትላለች! መምህርሽን ነዋ። ቦርሳቸውን ፈተሹ፣ ደብተሩን አወጡ፣ አገላበጡ። ከዚያ ‹ውረዱ› አሏቸው። እኔም ወርጄ ‹ኧረ አስተማሪ ናቸው፣ አገር ያውቃቸዋል› ብል፣ ‹አንተስ ምናቸው ነህ?› ሲሉኝ ዝም አልኩ። ወላሂ፣ ዝም አልኩ። ሰባት ልጅ አለኝ።»

«የት ወሰዷቸው?»

«እዚሁ ሐይቅ ነው። የቀበሌው አዳራሽ።»

ደብተሩን ስህን ከማንም በላይ ታውቀዋለች። በውስጡ ያለው ክምር ነው። መምህሩ ያወጡለት ስም ነው እንጂ የተማረው ሰው የቃላት ፒራሚድ ይለዋል። ከላይ ሁለት ሳጥን፣ ከሥሩ ሦስት፣ ከዚያ አራት፣ ከዚያ አምስት እያለ እየሰፋ ይወርዳል፤ ከሩቅ ሲያዩት አውድማ ላይ የቆመ የጤፍ ክምር ይመስላል። በእያንዳንዱ ረድፍ አንድ ቃል ይገባል። ከላይ ያለው ቃል ፊደሎች በሙሉ ወደ ታች ይወርዳሉ፣ አንድ ፊደል ይጨመርባቸዋል፣ ቦታቸውን ግን እንደ ልብ መቀያየር ይቻላል። ከየረድፉ ጎን አጭር ፍንጭ አለ። መምህሩ የማይለውጡት አንድ ሕግ ነበራቸው፤ ፊደሉ ከነመልኩ ነው የሚወርደው። ግዕዙ ካዕብ፣ ሳድሱ ራብዕ አይሆንም። «ፊደል እንደ ሰው ነው» ይሉ ነበር ክፍል ውስጥ፣ «ሰፈር ይቀይራል እንጂ መልኩን አይቀይርም።»

ስህን ዘጠነኛ ክፍል ሳለች ውጫሌ ላይ ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። ከዚያ ዩኒቨርሲቲ ገባች፣ በስታቲስቲክስ ተመረቀች፣ ሥራ አጣች፣ እና አሁን የእትዬ ሱረያ ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ የልደት ካርድና የመሬት ደብተር ታባዛለች። በዚህ አታለቅስም። የሚያበሳጫት ቀርፋፋ ሰው ብቻ ነው፤ ሐይቅ ውስጥ ደግሞ ሞልቷል። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን መምህሩ የሳምንቱን ክምር ይዘው ይመጣሉ፣ ታባዛላቸዋለች፣ እሷም ቆማ ትፈታዋለች።

ወረቀቱን የሚወስዱት ሰዎች አምስት ናቸው፣ እሷን ጨምሮ። ቤታቸው ወስደው፣ ሰዓት ይዘው ይፈታሉ፤ ከዚያ አጣጥፈው መደርደሪያው ጥግ ካለው የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ውስጥ ይጥሉታል። መምህሩ በሳምንቱ መጥተው ቆርቆሮውን ይከፍቱና የፈጀባቸውን ደቂቃ ደብተራቸው ላይ፣ ከክምሩ ግርጌ ይጽፉታል። ስም ግን አይጻፍም። ድሮ ይጻፍ ነበር። አንድ ቀን መሪጌታ ሠርክአዲስ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቅኔ ሲቆጥሩ የኖሩ ሰው፣ ሃያ ሁለት ደቂቃ ፈጀባቸው፤ አንድ የባጃጅ ሹፌር ያንኑ በአምስት ደቂቃ ፈታው። ወሬው ገበያ ወጣ። መሪጌታው ለሁለት ወር በፎቶ ኮፒ ቤቱ በኩል አላለፉም። መምህሩ ሄደው እግራቸው ላይ ወደቁ፤ ከዚያ ወዲህ ሁሉም ሰው በስሙ ፋንታ ምልክት ይስላል። ቁልፍ፣ ዓሣ፣ ጃንጥላ፣ መጥረጊያ፣ ኮከብ። ኮከቧ ስህን ናት። የትኛው የማን እንደሆነ የሚያውቁት መምህሩና እሷ ብቻ ናቸው።

አብደላ ሲናገር ስህን ያሰበችው ይህንን ነው። በየክምሩ ግርጌ፤ ቁልፍ 4፡10፣ ዓሣ 6፡00፣ ኮከብ 5፡20። ለማያውቅ ሰው ምን ይመስላል? ሰዓት ይመስላል። የቀጠሮ ሰዓት።

«እሄዳለሁ» አለች።

እትዬ ሱረያ ከማሽኑ ኋላ ተነሡ። «የት? ሰው አስቀድሚ እንጂ! ኢማሙና ቄሱ አብረው ይገባሉ፣ ነገ ጠዋት። እንዲህ ነው የሚሆነው። ሽማግሌ ገብቶ ‹ይህ ሰው የእኛ ነው› ይላል፣ ያኔ ማን ምን እንደሆነ የሚጠይቅ የለም።»

«ነገ ጠዋት? ዛሬ ማታ ምን እንደሚያደርጓቸው ያውቃሉ?»

«አላውቅም። አንቺም አታውቂም። እሱን ነው የምልሽ።»

«ሽማግሌዎቹ ክምር መፍታት አይችሉም፣ እትዬ። ጨዋታ ነው ቢሉ ማን ያምናቸዋል? እኔ ቁጭ ብዬ ፈትቼ አሳያለሁ። አሥር ደቂቃ ነው።»

«አሥር ደቂቃ» አሉ እትዬ ሱረያ። «የእናንተ ነገር ሁሉ በደቂቃ ነው።»

*

አዳራሹ በር ላይ የመምህሩ ጫማ ነበር። ጥቁር፣ ተረከዙ በውጭ በኩል የተበላ፣ ማሰሪያው የወጣ። የእስረኛ ማሰሪያ ለምን እንደሚወጣ ታውቃለች፤ ግን እግሯ አልቆመም።

መርማሪው ረዳ ይባላል። ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው፤ ጉንጩ በጥርስ ሕመም አብጧል፣ በየመሐሉ በመዳፉ ይደግፈዋል። የመድረኩ ጠረጴዛ ላይ ደብተሩ ተዘርግቷል።

«አንቺ ነሽ የምታባዥው?»

«አዎ።»

«በራስሽ እግር መጣሽ። ጎበዝ። ልልክብሽ ነበር።» ደብተሩን ወደ እሷ አዞረው። «አስተማሪው ከጠዋት ጀምሮ ‹የቃላት ጨዋታ ነው› ይላሉ። እሺ፣ ጨዋታ ነው። ‹እነዚህ ምልክቶች እነማን ናቸው?› ስላቸው ግን አፋቸው ይዘጋል። ጨዋታ ከሆነ ምን ይደብቃሉ?»

«ሰው እንዳያፍር ነው።»

«ከምን?»

«ቀርፋፋ እንዳይባል።»

ረዳ ሊስቅ ፈልጎ ጥርሱ ከለከለው። ገጽ ገለጠ። «ይኼንን አንብቢልኝ።»

ትንሽ ክምር ነበረች፣ የጀማሪ። አንድ ሳጥን፣ ሁለት ሳጥን፣ ሦስት ሳጥን። ሳጥኖቹ ባዶ ናቸው፤ መምህሩ መልስ ጽፈው አያውቁም። ፍንጮቹ ብቻ በዚያ በሚያምር የጥቁር ሰሌዳ ጽሑፋቸው ተደርድረዋል። *ጥሪ፣ ለወንድ። ስም ሲገን። ጥይት ይሸከማል።*

«ጥይት ይሸከማል» አለ ረዳ። «ኬላ ላይ ያለው ልጅ ያየው ይኼን ነው። አንቺ ብትሆኚስ?»

ስህን እስክሪብቶውን ከእጁ ወሰደች፤ አላስፈቀደችም። የመጀመሪያው ሳጥን ውስጥ *ና* ብላ ጻፈች። «አንድ ፊደል። ወንድ ስትጠራ። ከዚያ አንድ ይጨመራል፤ *ዝና*። ከዚያ ሌላ አንድ፤ *ዝናር*። አለቀ። ዘጠነኛ ክፍል እያለን መምህሩ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የሠሩልን ነው፣ አሥር ዓመት ይሆነዋል። ያኔ ዝናር ዝናር ብቻ ነበር።»

ረዳ ሦስቱን ቃላት በከንፈሩ ደገማቸው። «ይኼስ ልክ አንቺ አሁን የፈጠርሽው ቢሆን?»

«ሌላ ይግለጡ። እኔ ሳላይ ይምረጡ።»

ገለጠ፤ ከመሐል አካባቢ። አራት ረድፍ፣ ከሁለት እስከ አምስት ሳጥን። *የማይቀር። ቅርንጫፍ ተሸካሚ። ሞፈር ያልነካው መሬት። መነኩሴ የሚጠብቀው።*

«ከላይ መጀመር ግዴታ አይደለም» አለች። ድምፅዋ ሳታስበው የአስተማሪ ድምፅ ሆነ። «ቀላሉን ነው መጀመሪያ የምይዘው። ሞፈር ያልነካው መሬት፣ አራት ፊደል፤ *ድንግል*። ከላዩ ያለው ቃል ከዚህ አንድ ፊደል ሲነሣ የሚቀረው መሆን አለበት። *ል*ን አነሣሁ፤ ድ፣ ን፣ ግ ቀሩ። አዟዙር። *ግንድ*። ቅርንጫፍ ይሸከማል፣ አይደል? *ን*ን አነሣሁ፤ *ግድ*። የማይቀር። አሁን ወደ ታች፤ ድንግል ላይ አንድ ጨምር፤ *ድንግልና*። የመነኩሴው።»

ጻፈችው። ከላይ እስከ ታች ተያያዘ። ረዳ እጁን ከጉንጩ አወረደ። እያንዳንዱን ፊደል በጣቱ እየነካ፣ ከላይኛው ረድፍ ወደ ታችኛው ቆጠረ፤ ሲቆጥር የጠፋ ፊደል ይፈልግ ነበር። አልጠፋም።

«አይጎድልም» አለ።

«ከጎደለ ክምሩ ወደቀ ማለት ነው።»

«ስጪኝ እስቲ። እኔ።»

ስህን ቀና ብላ አየችው። ይህንን ፊት ታውቀዋለች። ፎቶ ኮፒ ቤት መጥቶ «ምንድን ነው ይኼ?» የሚል ሰው ሁሉ ይህ ፊት ነው ያለው፤ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ወረቀት ለምኖ ይሄዳል። ሦስት ረድፍ ያለው መረጠችለት። *ውሃ የሚቀዳበት፣ ከሐረግ የሚገኝ። በጋ ሲገባ ይረግፋል። ምንጣፉን አትዘርጋው፣ ይልቅ…*

ረዳ የእጅ ስልኩን አውጥቶ ሰዓቱን ያዘ። የመጀመሪያውን ወዲያው አገኘ፤ *ቅል*። ሁለተኛው ላይ ግንባሩን ቋጠረ፣ ከዚያ «*ቅጠል!*» ብሎ ጠረጴዛውን መታ። *ጠ* መሐል ገባች። ሦስተኛው ላይ ቆመ። በሩ ላይ የቆመው ዘብ አንዴ ብቅ ብሎ አየው፤ አለቃው አራት ሳጥን ላይ አፍጥጦ ሲያይ ግራ ተጋብቶ ተመለሰ።

«ቅ፣ ጠ፣ ል» አለ ረዳ። «ምን ይጨመራል? ሀ አልሆነ፣ ለ አልሆነ። መ… ጠ መ… የለም።»

ስህን ዝም ብላ ልትቆይ ነበር። አልቻለችም፤ ቀርፋፋ ሰው ፊት ዝም ማለት አታውቅበትም። «የሚጨመረው ፊደል አዲስ መሆን የለበትም» አለችው። «እዚያው ያለው ሊደገም ይችላል።»

ትንሽ ቆየ። ከዚያ ፊቱ በራ። «ሁለት ል! *ጠቅልል!*» ሳቀ፤ ጥርሱን ያዘ፤ እንደገና ሳቀ። «ምንጣፉን ጠቅልል! ስንት ሆነ?» ስልኩን አየ። «አሥራ አንድ ደቂቃ። ጥሩ ነው?»

«ለመጀመሪያ ጊዜ መጥፎ አይደለም።»

«አንቺ ይኼንን በስንት ፈታሽው?»

«በሦስት።»

«ውሸታም!» ደብተሩን አገላብጦ የዚያኑ ክምር ግርጌ አየ። ኮከብ 3፡05። ጃንጥላ 14፡00። ዓሣ 4፡30። ከሁሉም በላይ፤ ቁልፍ 2፡15። «ሁለት ደቂቃ ከአሥራ አምስት ሰከንድ?! ይኼ ቁልፍ የሚሉት ምን ዓይነት ሰይጣን ነው? እኔን እንዲህ የሚያዋርደኝ ማነው እስቲ?»

ስህንም ሳቀች። ለምን እንደመጣች ረሳች፣ ጫማውን ረሳች። «ትዕዛዙ ነው» አለች። «የባጃጅ ሹፌር። እኔንም አንድ ቀን አላስቀደመኝም።»

«የባጃጅ ሹፌር!»

«አርዲቦ መስመር ላይ የሚሠራ። ፊደሎቹን አየር ላይ ነው የሚያያቸው።»

«ዓሣውስ?»

«ወይኒቱ፣ ጤና ጣቢያ ነርስ ናት። መጥረጊያ ኢቲሳም ናት፣ ልብስ ሰፊዋ። ጃንጥላው መሪጌታ ሠርክአዲስ ናቸው፤ እባክዎ እሳቸውን እንዳይነግሯቸው፣ ያፍራሉ።»

ረዳ እየሳቀ ጻፈ። አልደበቀም፤ ፊት ለፊቷ፣ በዚያው እስክሪብቶ፣ በአንድ ወረቀት ላይ እሷን ጨምሮ አምስቱንም ጻፈ። «ለሪፖርቱ ነው» አለ። «ሰዎቹ ሰዎች መሆናቸውን ካላሳየሁ አለቆቼ ‹ደብተሩ ምልክት ሞልቶታል› ይሉኛል። አንቺ ምን እንዳደረግሽ ታውቂያለሽ? ሰውዬውን አስፈታሻቸው። አምኛለሁ። ጨዋታ ነው።»

አልዋሸም። ስህን በኋላ ደጋግማ ስታስበው፣ ያ ሰው በዚያች ሰዓት አንድም ቃል አልዋሸም።

*

መምህሩ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወጡ። ጫማቸውን ያለ ማሰሪያ አደረጉ፤ ግራ እግራቸውን ይጎትቱ ነበር። እትዬ ሱረያ ሻይ አቀረቡላቸው፤ ብርጭቆውን ሁለት እጃቸው መሐል ያዙት እንጂ አልጠጡም።

«ምን ነገርሻቸው?» አሉ።

«ጨዋታ መሆኑን። ፈትቼ አሳየኋቸው። ሰውዬው ራሱ አንዷን ፈታ፣ ቢያዩት—»

«ስህን። ምልክቶቹን ነግረሻቸዋል?»

ያኔ ነው አንድ ነገር እንደተበላሸ የገባት፤ ግን ገና ምን እንደሆነ አላወቀችውም። «ባልነግራቸው አይለቁዎትም ነበር።»

«ነገ ይለቁኝ ነበር። ቢበዛ ከነገ ወዲያ። ሽማግሌ ይገባ ነበር፤ ወረቀት ሳይጻፍ እወጣ ነበር።» ብርጭቆውን አስቀመጡ። «ትዕዛዙ ጦሩን ጥሎ የመጣ ልጅ ነው። ሁለት ዓመት ሆነው። እናቱ ከግሸን ሥር ካለው ቀበሌ አምጥታ እጄ ላይ ጣለችው። ባጃጁን ያገኘሁለት እኔ ነኝ። ክምር ያስጀመርኩትም እኔ ነኝ፤ እንዳያብድ ብዬ። ስሙ የሚፈለጉት ዝርዝር ላይ አለ፣ ስህን። ከጠዋት ጀምሮ እዚያ የተቀመጥኩት እሱን ለመሸሸግ ነበር።»

«አልነገሩኝም!»

«አልነገርኩሽም» አሉ። ቢሰድቧት ይሻላት ነበር።

ስልክ ደወለች፤ ዝግ ነው። ደግማ ደወለች። ከዚያ ሮጣ ወጣች፤ መምህሩም እግራቸውን እየጎተቱ ተከተሏት። አርዲቦ መስመር ተራ መጠበቂያው ላይ ስምንት ባጃጅ ቆሟል። ዘጠነኛው ከወረፋው ወጣ ብሎ፣ በሩ እንደተከፈተ፣ ብቻውን ቆሟል። ሹፌሮቹ ዛፍ ሥር ተሰብስበው ያወራሉ፤ ስህን ስትደርስ ወሬው ቆመ።

«መቼ?» አለች።

አንዱ ሽማግሌ ሹፌር፣ ዋለ የሚባለው፣ በአገጩ ወደ ከተማው ጠቆመ። «ከአንድ ሰዓት በላይ ሆነው። ‹ትዕዛዙ ማነው?› ብለው መጡ። ማንም አልመለሰም። ከዚያ አንዱ ‹ቁልፍ የሚባለው ማነው?› አለ። ልጁ ደንግጦ ቀና አለ። በቃ።»

መምህር ዘይኑልአቢዲን ባጃጁ ላይ ተደገፉ። «ላ ኢላሃ ኢለላህ» አሉ ቀስ ብለው። ስህን ቆማ ቀረች። የምታስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሊይዙት የመጡት ሰዎች ምልክቱን በአፋቸው ሲጠሩት የሰማ ልጅ፣ ማን እንደነገራቸው ወዲያው ያውቃል። ሁለት ሰው ብቻ ነው የሚያውቀው። አንደኛው በዚያ ሰዓት ታስሮ ነበር።

*

ሰኞ ኢማሙና ቄሱ፣ መሪጌታ ሠርክአዲስን ጨምረው፣ አብረው አዳራሹ ድረስ ሄዱ። ረዳ በአክብሮት ተቀበላቸው፣ ወንበር አቀረበላቸው። ልጁ ግን እዚያ የለም፤ ቅዳሜ ማታውኑ ወደ ደሴ ተልኳል፤ ከደሴ ወዴት እንደሚሄድ እሱ አያውቅም። ሽማግሌዎቹ ሲወጡ ረዳ መሪጌታውን ወደ ጎን ጠርቶ «ጃንጥላ እርስዎ ነዎት አሉ» ብሎ ፈገግ አለላቸው። መሪጌታው ይህንን ለማንም አልተናገሩም። ቆርቆሮው አጠገብ ግን ዳግመኛ አልታዩም። ወይኒቱም፣ ኢቲሳምም አልመጡም።

መምህሩ በማግስቱ ወደ ውጫሌ ተመለሱ። ደብተሩን አልጠየቁም፤ ማንም አልመለሰላቸውም።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አንዲት ሴትዮ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆሙ። ነጠላቸው አቧራ ጠጥቷል፤ ከተራራ የወረደ ሰው አካሄድ አላቸው፣ ሜዳ ላይም ጉልበታቸውን አጥፈው ነው የሚራመዱት። እትዬ ሱረያ ዱቤ ሊሰበስቡ ሄደው ስህን ብቻዋን ነበረች።

«የሚያባዛው ቤት ይኼ ነው?»

«አዎ፣ እናቴ። ይግቡ።»

«ወለተ ገብርኤል እባላለሁ። የትዕዛዙ እናት።» ከመቀነታቸው ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጡ። ፈቱት፤ አራት ጊዜ የታጠፈ ወረቀት ነው። «ባጃጁን ለባለቤቱ ስንመልስ መቀመጫው ሥር ተገኘ። ፊደል አላውቅም። ልጆቹ ‹በዚህ ወረቀት ነው የተያዘ› ይሉኛል። እውነት ነው?»

ስህን ወረቀቱን ዘረጋችው። መምህሩ ከመያዛቸው በፊት በነበረው ቅዳሜ ያባዛችው ክምር ነበር። አራት ረድፍ። ትዕዛዙ በእርሳስ ሞልቶታል፤ ፊደሎቹ ገመድ ላይ እንደተሰጣ ልብስ ዘመም ያሉ ናቸው። አንድ ስርዝ እንኳ የለውም።

«ምን ይላል?» አሉ ሴትዮዋ። «አንብቢልኝ፣ ልጄ።»

«ከላይ *ምት* ይላል። የከበሮ ምት።»

«እሺ።»

«ከሥሩ *ምርት*። ከዚያ *ምርትህ*።»

«የማን?»

«የማንም አይደለም። ጨዋታ ነው፤ በየረድፉ አንድ ፊደል ይጨመራል። ምት ላይ *ር*፣ ምርት ላይ *ህ*። የመጨረሻው…» እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይቆማል፤ እሷም ስትፈታው አንድ ደቂቃ ሙሉ ቆማለች። የሚጨመረው እዚያው ያለው ነው፤ ሁለተኛ *ት*። ከዚያ ሁሉንም መበተንና እንደገና መሰብሰብ ነው። «የመጨረሻው *ትምህርት* ይላል።»

«ትምህርት» አሉ ወለተ ገብርኤል። አንገታቸውን ነቀነቁ፤ ድሮም የጠረጠሩት ነገር እንደተረጋገጠላቸው ሰው። «ትምህርቱን አስቋርጠው ነው ለጦር የወሰዱት። መምህር እሆናለሁ ይል ነበር።»

ከወረቀቱ ግርጌ ትንሽ ቁልፍ ተሥላለች፤ ከአጠገቧ 1፡50 ይላል። አንድ ደቂቃ ከሃምሳ። ስህን ይህንኑ በአራት ደቂቃ ነበር የፈታችው። ማንም እንዲህ ፈጥኖ ፈትቶ አያውቅም፤ ደብተሩም ኖሮ ይጻፍበት ቢባል፣ የሚጽፈው የለም።

«እናቴ» አለች። «በወረቀቱ አይደለም የተያዘው።»

«በምንድን ነው?»

«በእኔ ነው። መምህሩን አስፈታለሁ ብዬ ሄድኩ። ጠየቁኝ፤ ስሙን ነገርኳቸው። ሳይመቱኝ፣ ሳያስፈራሩኝ። እየሳቅሁ።»

ሴትዮዋ ቀና ብለው አዩአት። ዓይናቸው ውስጥ ስህን የጠበቀችው ነገር አልመጣም፤ እርግማንም እንባም። ምናልባት አላመኗትም። ምናልባት ይህንን የሚያስቀምጡበት ቦታ ገና አላገኙም።

«ማባዛት ትችያለሽ?» አሉ በመጨረሻ።

«ምኑን?»

«እሱን። ደሴ እሄዳለሁ። ከደሴ ወዲያ ካሉኝም እሄዳለሁ። አሳያቸዋለሁ። ልጄ ክፉ አልጻፈም፣ የፊደል ጨዋታ ነው፣ መጨረሻው ትምህርት ነው እላቸዋለሁ። አንዱ ጋ ቢቀደድ ሌላ እንዲኖረኝ አሥር አድርጊው።»

ስህን ልትከለክላቸው አፏን ከፈተች። እንዲህ ብላ ነበር እሷም የሄደችው፤ ጨዋታ መሆኑን ላሳይ ብላ። ጨዋታ መሆኑን አሳይታ ነበር። ግን የትዕዛዙ እናት እጃቸውን ዘርግተው ቆመዋል፣ እግራቸው እስከ ቁርጭምጭሚት አቧራ ነው፣ እና ከዚህ ወረቀት በቀር ምንም የላቸውም።

ማሽኑን አበራች፤ እስኪሞቅ ጠበቀች። መጠበቅ ድሮ አይሆንላትም ነበር። ከዚያ ከቆሻሻ ቅርጫቱ ባዶ ወረቀት አነሣች፣ ጣት የምታህል ቁራጭ ቀደደች፣ መስታወቱ ላይ ከክምሩ ግርጌ አኖረቻት፤ ቁልፉንና ደቂቃውን ሸፈነቻቸው። በእጇ ተጭና አስተካከለች። ክዳኑን ዘጋች።

አሥሩም ወጡ። ምት፣ ምርት፣ ምርትህ፣ ትምህርት። ከሥራቸው ነጭ።

ወለተ ገብርኤል አንዱን አንሥተው ከዋናው ጋር አስተያዩ። ፊደል ባያውቁም ዓይን አላቸው።

«እዚህ ጋ አንድ ነገር ነበረ» አሉ፣ ጣታቸውን ነጩ ላይ አድርገው።

«አዎ» አለች ስህን። «ነበረ።»

ዋናውን አጥፋ በጨርቁ ጠቀለለችላቸው።